የሁለት ዓመት ቀጠሮ ያለው 400,000 ብር ዛሬ ስንት ነው? ስንሠራው የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

እቁብ ውስጥ የቆየ ሰው ይህን ሒሳብ ሳይማረው ያውቀዋል። መጀመሪያ እጣ የወጣለትም መጨረሻ የወጣለትም የሚወስዱት ብር እኩል ነው። ሆኖም ገንዘብ የቸገረው አባል ቀድሞ የወጣለትን ሰው «እጣህን ሽጥልኝ» ብሎ ይለምናል። ለቅድሚያውም ጨምሮ ይከፍላል። የዛሬ ብርና የከርሞ ብር ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም። ወደፊት የሚመጣ ክፍያ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አስልቶ ማግኘት «ዲስካውንት ማድረግ» ይባላል። የሚገኘው ቁጥር ደግሞ የዛሬ ዋጋ ይባላል።

ስሌቱ አንድ መስመር ብቻ ነው። ስህተቱም የሚገባው በዚያችው መስመር ውስጥ ነው። ቁጥር እየቀያየርን እንዳንደናገር ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ላይ እንያቸው።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ እናስብ። ከሱቋ ሌላ አንድ ያገለገለ ባጃጅ አላት፤ ልትሸጠው ፈልጋለች። ደላላ 300,000 ብር የሚከፍል ገዢ አምጥቶላታል። ገንዘቡ ዛሬውኑ፣ እጅ በእጅ ነው። የሰፈሯ ልጅ ደግሞ ይህን ሰምቶ ይመጣል። «አብሽሪ፣ ለኔ ስጪኝ። እየሠራሁበት ልክ በሁለት ዓመቱ 400,000 ብር በአንዴ እሰጥሻለሁ» ይላታል። በመሃል ምንም አይከፍልም። አንድ ክፍያ፣ አንድ ቀን።

400 ከ300 እንደሚበልጥ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም። ጥያቄው ጭማሪው የሁለት ዓመቱን ጥበቃ ይክሳል ወይ የሚለው ነው።

300,000ው ዛሬ እጇ ቢገባ ሱቁ ላይ ትጨምረዋለች። ከዚያ በዓመት 18 በመቶ እንደምታተርፍበት ለጊዜው እንቀበል። 18 ከየት መጣ የሚለውን ዝቅ ብለን እናየዋለን።

ወደፊት መቁጠር ቀላል ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። 1 ብር በአንድ ዓመት 1.18 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ዋናውም ትርፉም አብረው ይሠራሉ፦ 1.18 ሲባዛ በ1.18፣ ማለትም 1.3924 ብር። እንግዲህ ዛሬ ያለ እያንዳንዱ ብር በሁለት ዓመቱ 1.3924 ብር ነው። 400,000ን ለማግኘት ስንት እንዲህ ያለ ብር ያስፈልጋል? ማካፈል ነው።

```
የዛሬ ዋጋ = የወደፊቱ ክፍያ ÷ (1 + ምጣኔ)^ዓመት
         = 400,000 ÷ 1.18^2
         = 400,000 ÷ 1.3924
         = 287,274
```

በስልክ ካልኩሌተር ለሚሠራ ሰው፦ 400000 ÷ 1.18 ÷ 1.18። ዓመቱ ሦስት ከሆነ አንድ ጊዜ ይጨምሩ።

መልሱ 287,274 ብር ነው። የልጁ የ400,000 ብር ቃል ለእሷ ዛሬ ከ300,000 ብር ያንሳል። እጅ በእጅ የሚከፍለው ሰው በ12,726 ብር ይሻላታል። አሁን ይህ መልስ እንዴት እንደሚበላሽ እንይ።

ስህተት 1፦ ማካፈል ሲገባ መቀነስ

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ሰው «18 በመቶ» ሲባል ከ400,000 ላይ 18 በመቶ ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ «ቅናሽ» ሲባል የሚደረገው እንደዚያ ስለሆነ አይፈረድበትም። ሁለት ዓመት ስለሆነም 36 በመቶ ይቀንስና 256,000 ብር ያገኛል። ትንሽ ጠንቀቅ ያለው ደግሞ በየዓመቱ ለየብቻ ቀንሶ፣ ማለትም 400,000ን በ0.82 ሁለት ጊዜ አባዝቶ፣ 268,960 ብር ላይ ይደርሳል።

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ለማረጋገጥ ቁጥሩን ወደ መጣበት መመለስ ይበቃል። 256,000 ብር ወስደን በዓመት 18 በመቶ ለሁለት ዓመት እናሳድገው፦ 256,000 ሲባዛ በ1.3924፣ 356,454 ብር። 400,000 አልደረሰም። 268,960ንም ብናሳድገው 374,500 አካባቢ ይቆማል። 287,274 ግን ሲያድግ 400,000 ላይ ይገጥማል።

ችግሩ የመቶው መሠረት ነው። 18 በመቶው የሚታሰበው ዛሬ ባለው ገንዘብ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሠርቶ የሚያተርፈው እሱ ነው። ከ400,000 ላይ ስንቀንስ ግን 18 በመቶውን ገና ባልመጣ ትልቅ ገንዘብ ላይ እያሰብን ነው። ስለዚህ የምንቀንሰው ከሚገባው በላይ ይሆናል። ቀመሩ እንደማይሠራ የበለጠ ግልጽ የሚሆነው ዓመቱ ሲረዝም ነው። ስድስት ዓመት ቢሆን 6 ሲባዛ በ18 በመቶ 108 በመቶ ይመጣል። 400,000 ብር ሊሰጥሽ ቃል የገባ ሰው ዛሬ ዕዳ አለብሽ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የለም።

የዚህ ስህተት ታናሽ ወንድም አለ። ማካፈሉን ያስታውሳል፤ ግን 1.18ን ሁለት ጊዜ በማባዛት ፈንታ 18ን በሁለት አባዝቶ በ1.36 ያካፍላል። 294,118 ብር ይወጣል። ይህ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ብሎ እየገመተ ነው። ልብስ ነጋዴ ግን ትርፏን በሣጥን አትቆልፍም፤ ዕቃ ታመጣበታለች። ለሁለት ዓመት ልዩነቱ 7,000 ብር ቢሆን ነው። ለአሥር ዓመት ግን ያው ስህተት መልሱን ከእጥፍ ወደሚጠጋ ቁጥር ይወስደዋል፦ በ1.18 ኃይል 10 ስናካፍል 76,426 ብር የሚሆነው፣ በ2.8 ስናካፍል 142,857 ብር ይሆናል።

ስህተት 2፦ የምጣኔውና የጊዜው መለኪያ አለመግጠም

18 በመቶው የዓመት ነው። ስለዚህ ጊዜውም በዓመት መቆጠር አለበት። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ግን ውሉ «ከ24 ወር በኋላ» ብሎ ከተጻፈ ብዙ ሰው 24ን እንዳለ ያስገባል። 1.18 ኃይል 24 ደግሞ 53 ገደማ ነው። 400,000 ብር ወደ 7,532 ብር ይወርዳል። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ጥሩ ጎኑ ራሱን ማጋለጡ ነው። በ7,532 ብር ባጃጅ የሚሸጥ የለም።

አደገኛው እምነት የሚጣልበት የሚመስለው ነው። ሰውዬው «በወር ልሥራው» ይልና 18ን ለ12 አካፍሎ በወር 1.5 በመቶ ይወስዳል። ከዚያ 400,000ን በ1.015 ኃይል 24 ያካፍላል። 279,818 ብር ያገኛል። ከእኛ መልስ በ7,456 ብር ያንሳል፤ ሆኖም ቁጥሩ ምንም አያስጠረጥርም። ምን ተፈጠረ? በወር 1.5 በመቶ በየወሩ እየተደመረ ሲሄድ ዓመቱ ላይ 18 ሳይሆን 19.56 በመቶ ይሆናል። ምጣኔው ሳይታወቅ ከፍ ብሏል። በዓመት 18 በመቶ የሚሰጠው ትክክለኛ የወር ምጣኔ 1.39 በመቶ አካባቢ ነው።

እንደዚህ ከመድከም ወሩን ወደ ዓመት መቀየር ይሻላል። 24 ወር 2 ዓመት ነው። 18 ወር 1.5 ዓመት ነው፤ ኃይሉም 1.5 ይሆናል። ነገሩ ክርክር ላይ ይጠቅማል። ነጋዴዋ ልጁን «ሁለት ዓመት ይረዝማል፣ በዓመት ከመንፈቅ ከከፈልከኝ እሺ» ብትለው 400,000ውን የምታካፍለው በ1.18 ኃይል 1.5፣ ማለትም በ1.2818 ነው። 312,059 ብር ይወጣል። ይህ ከ300,000 ይበልጣል። ብሩ ሳይጨመር፣ ስድስት ወር በመቅረቡ ብቻ ውሳኔው ተገለበጠ። (ስልክ ካልኩሌተር ላይ ኃይል የሚያወጣው x^y የሚለው ነው። ብዙ ስልኮች ላይ የሚታየው ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞሩት ነው።)

ጊዜ አቆጣጠር ላይ ሁለት የኛ አገር ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ውሉ መስከረም 2018 ተፈርሞ መስከረም 2020 ይከፈላል ከተባለ፣ «2018፣ 2019፣ 2020» ብሎ በጣት የሚቆጥር ሰው ሦስት ዓመት ያደርገዋል። ያን ጊዜ መልሱ 243,452 ብር ይሆናል። መቆጠር ያለበት በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ እሱም ሁለት ዓመት ነው። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች ደግሞ የአንዱን ወረቀት ቀን በፈረንጅ፣ የሌላውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያገኙታል። ሁለቱን ወደ አንድ ሳይመልሱ መቀነስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል።

ሁለተኛው ጳጉሜን ነው። ወሩን ሁሉ 30 ቀን አድርጎ 24 ወር የሚቆጥር ሰው ሁለት ጳጉሜን ይዘላል። አሥር ቀን ገደማ ነው። በእኛ ምሳሌ ከ1,300 ብር ብዙም አያልፍም። ለዚህ አልጨነቅም።

ስህተት 3፦ ምጣኔውን ከሌላ ሰው ኪስ መውሰድ

ወደ ዋናው ደረስን። እስካሁን ያሉት ስህተቶች የስሌት ናቸው፤ ሒሳብ የሚችል ሰው አይቶ ያርማቸዋል። ይህኛው ግን ስሌቱ ንጹሕ ሆኖ መልሱን የሚገለብጥ ነው።

ያው 400,000 ብር፣ ያው ሁለት ዓመት፣ በሦስት ምጣኔ እንሥራው።

በ7 በመቶ፦ 349,375 ብር።
በ15 በመቶ፦ 302,457 ብር።
በ18 በመቶ፦ 287,274 ብር።

በመጀመሪያው የልጁ ቃል በሰፊው ያሸንፋል። በሁለተኛው ለጥቂት ያሸንፋል። በሦስተኛው ይሸነፋል። ሦስቱም ስሌት ትክክል ነው። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ምጣኔ የእሷ ነው የሚል ይሆናል።

7 በመቶ ከየት መጣ? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው «ወለድ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ይህ ቁጥር ነው። 15 በመቶውስ? ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ያስተዋወቀው የፖሊሲ ምጣኔ ነው። እሱ ብሔራዊ ባንኩና ባንኮቹ የሚነጋገሩበት ነው። ሁለቱም እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው። የታይዋኗን ነጋዴ ግን አይመለከቷትም። 300,000ውን ብታገኝ ቁጠባ ደብተር ውስጥ አታስቀምጠውም። ሱቋ ውስጥ ታስገባዋለች። የልጁን ቃል የምታወዳድረው ብሩ በእርግጥ ሊሠራ ከነበረው ሥራ ጋር ነው። መምህር ወይም ጡረተኛ ብትሆንና ገንዘቡ ባንክ ከመቀመጥ ሌላ መንገድ ባይኖረው ኖሮ፣ የባንኩ ምጣኔ የእሷ መነሻ ይሆን ነበር። አንድ ዓይነት ውል ለሁለት ሰዎች ሁለት የዛሬ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ይህን የሚቀበል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የሱቁን ምጣኔ ማውጣት ላይም ሰው ይሳሳታል። ነጋዴዋ «ቀሚሱን በ1,000 አምጥቼ በ1,250 እሸጣለሁ፣ 25 በመቶ ነው» ትላለች። ያ የአንድ ቀሚስ ጭማሪ ነው፤ የዓመት ምጣኔ አይደለም። ቀሚሱ በሦስት ወር ከተሸጠ ብሩ በዓመት አራት ጊዜ ይዞራል። ስድስት ወር ከቆየ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ የማጓጓዣ፣ የግብር፣ ፋሽኑ አልፎበት በግማሽ ዋጋ የሚወጣው ዕቃ ይቀነሳል። ሌላም ነገር አለ። መጠየቅ ያለበት ሱቁ በአጠቃላይ ስንት ያተርፋል ተብሎ አይደለም፤ ተጨማሪው 300,000 ስንት ይጨምራል ተብሎ ነው። ዕቃው በእጥፍ ስለተደረደረ ደንበኛው በእጥፍ አይመጣም። የመጀመሪያው ብር የሚያተርፈውን ያህል የመጨረሻው ብር አያተርፍም።

ይህን ሁሉ አስባ ተጨማሪው 300,000 በዓመት 54,000 ብር የተጣራ ይጨምርልኛል ካለች፣ 54,000 ሲካፈል ለ300,000፣ 18 በመቶ ነው። 18 የመጣው ከዚህ ነው።

ድሬም ሆነ ሐረር ወለድ የማይነካ ነጋዴ ብዙ ነው። «እኔ ወለድ ስለማልበላ ይህ ሒሳብ አይመለከተኝም» የሚል አጋጥሞኛል። ሒሳቡ ግን ከማንም ወለድ ተቀበል አይልም። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው 18 በመቶ የንግድ ትርፍ ነው፤ ከልብስ የተገኘ ነው። በሽርክና የተገኘ ድርሻም ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ሁለት አማራጮችን በአንድ ቀን ዋጋ ጎን ለጎን ማስቀመጫ ነው። ውሉ ራሱ የተፈቀደ ነው አይደለም የሚለውን የሚመልሱት የሃይማኖት አዋቂዎች ናቸው።

ምጣኔውን በትክክል አላውቀውም የሚል ሰው ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ መጠየቅ ይችላል። ሁለቱ ምርጫዎች እኩል የሚሆኑት በስንት በመቶ ነው? 400,000 ሲካፈል ለ300,000፣ 1.3333 ነው። ጊዜው ሁለት ዓመት ስለሆነ ስኩዌር ሩቱን እናወጣለን፤ ካልኩሌተሩ ላይ √ የምትለዋ ናት። 1.1547 ይመጣል። 15.47 በመቶ ማለት ነው። አሁን ነጋዴዋ 18 ይሁን 19 ይሁን 22 መጨነቅ የለባትም። ብሬ በዓመት ከ15 በመቶ ተኩል በላይ ይሠራልኛል ወይ ብላ ብቻ ትጠይቃለች። አዎ ካለች እጅ በእጁን ትውሰድ። እኔ ለጀማሪ የማስቀድመው ይህን ዘዴ ነው። ሰው አንድ ቁጥር ገምት ሲሉት ይቸገራል፤ ከዚህ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ሲሉት ግን ቶሎ ይመልሳል።

ለልጁ መልስ ለመስጠትም መንገዱ ያው ነው፣ በተቃራኒው። 300,000 ሲባዛ በ1.3924፣ 417,720 ብር። ሁለት ዓመት የሚያስጠብቃት ከሆነ ከዚህ በታች መቀበል የለባትም።

ስህተት 4፦ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቅጣት

«ኑሮ ውድነቱስ?» የሚል ሰው ሁሌም ይኖራል። ልክ ነው፤ ብር ይረክሳል። ስህተቱ የሚመጣው የብሩን መርከስ ቀድሞ በቆጠረ ምጣኔ ላይ ደግሞ ሲቆጥረው ነው።

ለምሳሌ ያህል ዋጋ በዓመት 12 በመቶ ይጨምራል እንበል። ሰውዬው መጀመሪያ 400,000ን በ1.12 ሁለት ጊዜ ያካፍላል፦ 318,878 ብር። ይህ የ400,000ው የመግዛት አቅም በዛሬ ብር ነው፤ እስካሁን ደህና ነው። ከዚያ ይህንኑ እንደገና በ1.18 ሁለት ጊዜ ያካፍልና 229,013 ብር ያገኛል። 58,000 ብር ያለ አግባብ ጠፋ።

ለምን? ነጋዴዋ 18 በመቶ አተርፋለሁ ስትል በገበያው ብር ነው የምትቆጥረው። ቀሚሱ ከዓመት ዓመት የሚወደደው እዚያ 18 ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ 18 በመቶ የዋጋ ንረቱን አቅፎ የያዘ ምጣኔ ነው። ልጁ ቃል የገባው 400,000ም ዋጋ ቢጨምር ባይጨምር የማይለወጥ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ብር ነው። የገበያ ብር በገበያ ምጣኔ ይካፈላል፤ በቃ።

የዋጋ ንረቱን ለይቶ ማየት የፈለገ ሁለቱንም ወገን መለየት አለበት። ከ18ቱ ውስጥ ንረቱን ለማውጣት 1.18ን ለ1.12 ያካፍላል፤ 1.05357 ይመጣል። እውነተኛው ትርፍ 5.36 በመቶ አካባቢ ነው ማለት ነው። (18 ሲቀነስ 12 ብሎ 6 ማድረግ ግምት ነው፤ ይቀርባል እንጂ አይገጥምም።) ከዚያ የጠራውን 318,878 በ1.05357 ሁለት ጊዜ ሲያካፍል ያው 287,274 ብር ላይ ይደርሳል። በሁለቱም መንገድ አንድ ቁጥር ከመጣ አሠራሩ ትክክል ነው። የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ፦ 5.36 በመቶውን ወስዶ ያልጠራውን 400,000 ማካፈል። 360,356 ብር ይወጣል፤ የልጁ ቃል ካለው በላይ አማረ።

ስጋትም እንደዚሁ ነው። ልጁ ባይከፍልስ? ባጃጁ ቢጋጭ፣ ልጁ አገር ጥሎ ቢሄድ? ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈራረም ክርክሩን ያቀልላል እንጂ የሌለውን ብር አያስገኝም። ይህን ፍርሃት ወደ ሒሳብ ለማስገባት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ክፍያውን መቀነስ ነው። ከአሥር ዘጠኝ ይከፍላል፣ ካልከፈለም ምንም አላገኝም ብላ ብትገምት፣ የምትጠብቀው 400,000 ሳይሆን 360,000 ነው። እሱም በ18 በመቶ 258,546 ብር ይሆናል። ሌላው ክፍያውን ሳይነኩ ምጣኔውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ ከ18 ወደ 24። ያን ጊዜ 260,146 ብር ይወጣል። ሁለቱ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይዩ፤ አንዱን ፍርሃት ሁለቴ እየገለጽነው ስለሆነ ነው። ክፍያውንም ቀንሶ ምጣኔውንም የሚጨምር ሰው አንድን ልጅ ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ይገርፋል።

እኔ ለአንድ ክፍያ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምጣኔ ላይ የተጨመረ ስጋት ከዓመት ዓመት እየተባዛ ይሄዳል። የልጁ ስጋት ግን ምናልባት ያለው በአንዷ የክፍያ ቀን ላይ ነው። ለሁለት ዓመት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለስምንት ዓመት ግን በጣም ይሰፋል።

ስህተት 5፦ ኤክሴል ላይ ቦታ ማሳሳት

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ኤክሴል PV የሚል ፎርሙላ አለው። ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

```
=PV(0.18,2,400000)
```

የሚመጣው −626,257 ነው። ሦስተኛው ቦታ በየዓመቱ ለሚደጋገም ክፍያ የተያዘ ነው። ስለዚህ ኤክሴሉ ልጁ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ በየዓመቱ መጨረሻ 400,000 ይከፍላል ብሎ አሰበ። የአንድ ጊዜ ክፍያ አራተኛው ቦታ ላይ ይገባል፤ ሦስተኛው ዜሮ ይሆናል።

```
=PV(0.18,2,0,-400000)
```

አሁን 287,273.77 ይመጣል። የመቀነስ ምልክቷ የገንዘቡን አቅጣጫ ለመለየት ብቻ ናት፤ ብትረሳም ቁጥሩ አይቀየርም፣ ምልክቱ ነው የሚገለበጠው። ፎርሙላውን ማስታወስ የሚያስቸግረው ሰው ይህን ይጻፍ፤ መልሱ ያው ነው፦

```
=400000/1.18^2
```

ስህተቱን ያለ ፎርሙላ እውቀትም መያዝ ይቻላል። ምጣኔው ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ የዛሬ ዋጋ ከወደፊቱ ክፍያ ሊበልጥ አይችልም። 626,257 ከ400,000 ስለሚበልጥ ገና ሲታይ መጣል ያለበት ቁጥር ነው። 18 ብለው 0.18 ወይም 18% ማለት የረሱ ደግሞ 1,108 ብር ያገኛሉ፤ ኤክሴሉ 1,800 በመቶ ነው ብሎ ስለተረዳቸው ነው።